ሻንጣዎ ባሕር ዳር ሳይደርስ ሲቀር፦ የመዘግየት ካሳ፣ የጠፋ ዕቃ ካሳ ወይስ የቀረበልዎትን ተቀብሎ መፈረም?

ከውጭ አገር በአዲስ አበባ በኩል ባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው ሻንጣዎ ካልወጣ፣ ከአየር መንገዱ ጋር የሚሄዱበት መንገድ ሦስት ነው። ሻንጣው እስኪመጣ ያወጡትን ወጪ መጠየቅ አንዱ ነው። 21 ቀን ጠብቆ ሻንጣውን እንደጠፋ ቆጥሮ የዕቃውን ዋጋ መጠየቅ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው አየር መንገዱ በራሱ የሚያቀርበውን ገንዘብ ወይም የጉዞ ቫውቸር ተቀብሎ ፋይሉን መዝጋት ነው። ሦስቱ የሚያስገኙት ገንዘብ ይለያያል፣ የሚፈልጉት ማስረጃም ይለያያል። አንዱን መምረጥ ሌላውን የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ብዙ ሰው የሚጎዳው በሕጉ ሳይሆን ሁለተኛውን መንገድ በሦስተኛው ቀን፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሳያነብ ስለሚጀምር ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የባሕር ዳሩ ሽምብጥ ሰፈር ነዋሪ የሆነች ተጓዥ እናስብ። ከባሕር ዳር ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ በአንድ ቲኬት ተጉዛ ጃንዋሪ 10 ቀን 2026፣ በእኛ ጥር 2 ቀን 2018፣ ቅዳሜ ከረፋዱ 5:20 ባሕር ዳር አረፈች። ሁለት ሻንጣ አስገብታ ነበር፤ አንደኛው መጣ፣ 21 ኪሎ የሚመዝነው ግን አልመጣም።

መጀመሪያ፦ የትኛውንም ቢመርጡ የሚያስፈልገው ወረቀት

ከአዳራሹ ሳይወጡ የሻንጣ ካውንተሩ ላይ ሪፖርት ያስከፍቱ። ሠራተኞቹ ፒአይአር ይሉታል። በኮምፒውተር ሲከፈት አሥር ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይወጣል፤ መጀመሪያ የአውሮፕላን ማረፊያው ሦስት ፊደል፣ ቀጥሎ የአየር መንገዱ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ አምስት አኃዝ። በምሳሌያችን BJRXX10427 እንበለው። BJR ባሕር ዳር ነው፣ XX በአየር መንገዱ ምልክት የሚተካ ነው። ይህ መለያ የሌለው፣ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው በኋላ ድረ ገጽ ላይ ፍለጋውን መከታተል አይችልም፤ «ሪፖርት አላደረጉም» ሲባልም መልስ ያጣል። ስለዚህ ኔትወርክ የለም ቢባሉም በወረቀት አስሞልተው፣ ማኅተም አስመትተው፣ መለያው በስልክ እንዲላክልዎ ቁጥርዎን ትተው ይውጡ።

ከቦርዲንግ ፓስዎ ጀርባ የተለጠፈችውን ቁራጭ ታግ ፎቶ ያንሱ። ታጉ ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር አንዱ ነው፤ ዓለም ሁሉ ሻንጣዎን የሚያውቀው በእሱ ነው። ሌላው በትልቁ የታተሙት ሦስት ፊደላት ናቸው። BJR ካለ ሻንጣው እስከ ባሕር ዳር ተልኳል። ADD ካለ የተላከው እስከ ቦሌ ብቻ ነው፣ እርስዎ ከዚያ አንሥተው እንደገና ማስገባት ነበረብዎ ማለት ነው። ቦሌ ላይ ለጉምሩክ አውጥተው እንደገና ካስገቡት አዲስ ታግ ተሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ይያዙ።

እዚህ ላይ የቲኬቱ ጉዳይ ይመጣል። ብዙ ሰው እስከ አዲስ አበባ በአንድ አየር መንገድ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር በሌላ ቲኬት ይገዛል፤ ርካሽ ስለሚሆን። በአንድ ቲኬት የተገዛ ጉዞ ከፍራንክፈርት እስከ ባሕር ዳር በሙሉ እንደ ዓለም አቀፍ ጉዞ ይቆጠራል። የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት የአገር ውስጡንም በረራ ይሸፍነዋል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በተለያየ ቲኬት ከሆነ ግን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለው ራሱን የቻለ የአገር ውስጥ ጉዞ ነው። ሻንጣው እዚያ ላይ ከጠፋ የሚገዛው የአገር ውስጡ ሕግና የቲኬቱ ውል ነው፤ ከታች የምናነሣው የካሳ ጣሪያም አይሠራለትም። ሁለት አየር መንገዶች በአንድ ቲኬት አጓጉዘውዎት ከሆነ ደግሞ ካሳውን ከመጀመሪያው፣ ከመጨረሻው ወይም ሻንጣው በእጁ እያለ ከጠፋበት መጠየቅ ይቻላል። በተግባር ፋይሉን የሚከፍተውና የሚያንቀሳቅሰው የመጨረሻው ስለሆነ ደብዳቤው ለእሱ ቢጻፍና ለመጀመሪያው ግልባጭ ቢደረግ ይሻላል።

አንደኛው መንገድ፦ የመዘግየት ወጪ

እስከ 21ኛው ቀን ድረስ ሻንጣው «ዘግይቷል» እንጂ «ጠፍቷል» አይባልም። በነዚህ ቀናት «ሻንጣዬ ስለጠፋ ሙሉ ዋጋውን ክፈሉኝ» ብሎ የሚጻፍ ደብዳቤ የሚያመጣው መልስ «ፍለጋው ቀጥሏል» የሚል ነው፣ መልሱም ትክክል ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ሻንጣው ባለመድረሱ ምክንያት ብቻ የወጣ ወጪ ነው።

የሚከፈለው መጠን ባሕር ዳር ነዋሪ መሆንዎንና እንግዳ መሆንዎን ተከትሎ በጣም ይለያያል። ከውጭ ለሠርግ ወይም ለጥምቀት መጥቶ ሐይቁ ዳር ሆቴል የያዘ ሰው የሁለት ሦስት ቀን የውስጥ ልብስ፣ አንድ ቅያሪ፣ የንጽሕና ዕቃ ቢገዛ ማንም አይከራከረውም። አንዳንድ አየር መንገዶች የንጽሕና ዕቃውን ሙሉ፣ የልብሱን ግን ልብሱ ለእርስዎ ስለሚቀር ግማሹን ይከፍላሉ። ቤቱ እዚሁ የሆነ ሰው ግን «ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ልብስ አለዎት» ይባላል። ይህን ለመከራከር ጊዜ አያባክኑ። ይልቅ ቤት ውስጥ የማይገኘውን ብቻ ይጠይቁ፦ ሻንጣው ውስጥ የቀረ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ለሥራ የሚያስፈልግ ዕቃ፣ የሕፃን ነገር። የምሳሌያችን ተጓዥ ያቀረበችው የመድኃኒትና የኮምፒውተር ቻርጀር ደረሰኝ ብቻ ነው፣ በድምሩ 40 ዩሮ የሚሆን። ትንሽ ነው፤ ግን የሚሰረዝ ነገር የለበትም።

ሻንጣው ከዘገየ በኋላ ከመጣ ለወጪው በጽሑፍ ማመልከቻ የሚቀርበው ሻንጣውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ተሰብሮ ወይም ዕቃ ጎድሎት ከመጣ ግን ያለዎት 7 ቀን ብቻ ነው። የሚቆጠረውም ቅዳሜና እሑድን፣ በዓልንም ጨምሮ ነው። ስለዚህ ሲጠሩዎት ሄደው ሲረከቡ ካውንተሩ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። ፍራንክፈርት 21 ኪሎ የገባ ሻንጣ ባሕር ዳር 17 ኪሎ ከመዘነ፣ ዚፑ ደህና ቢመስልም አራት ኪሎ ዕቃ ወጥቷል። ያንን ቁጥር የመዘነው ሠራተኛ ፊት በፎቶ ማስቀረት ከቤት ሆኖ «ጎድሎብኛል» ከማለት ጋር አይወዳደርም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ሌላ ወረቀት ይመጣል። ፍለጋው ካልተሳካ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሻንጣውን ይዘት ዘርዝረው እንዲሞሉ ቅጽ ይላክልዎታል። ለፍለጋ ስለሆነ ብዙ ሰው በችኮላ «ልብስ፣ ጫማ፣ ስጦታ» ብሎ ይመልሰዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝርዝር የካሳ ጥያቄ ሲያቀርብ የአየር መንገዱ መርማሪ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ላይ ያልነበረ ካፖርት ሁለተኛው ላይ ከታየ እሱ ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩ በሙሉ ይጠረጠራል። ስለዚህ ቅጹን የካሳ ዝርዝር እንደሚሞሉ አድርገው ይሙሉ፤ ዕቃ በዕቃ፣ ቀለሙንና የት እንደተገዛ ጭምር። ለፍለጋውም የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ ታጉ የተበጠሰ ሻንጣ ሲከፈት የሚለየው ላዩ ላይ ባለው ዕቃ ነውና።

ሁለተኛው መንገድ፦ ጠፍቷል ብሎ ሙሉ ዋጋ መጠየቅ

ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ካለፈ፣ ወይም አየር መንገዱ ራሱ ጠፍቷል ብሎ ካመነ፣ በሕጉ እንደጠፋ ይቆጠራል። በምሳሌያችን 21ኛው ቀን ጃንዋሪ 31፣ ጥር 23 ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከፌብሩዋሪ 1፣ ከጥር 24 ጀምሮ ይገባል። አየር መንገዱ የራሱን የማመልከቻ ቀነ ገደብ በውሉ ሊያስቀምጥ ስለሚችል ዛሬ ነገ እያሉ መቆየት አይበጅም። ዝርዝሩን በ21ዱ ቀን ውስጥ አዘጋጅቶ በ22ኛው መላክ ነው።

የካሳው ጣሪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ ምንዛሪው በየቀኑ ይወጣል፤ ጣሪያው በዶላር ሲመነዘር ከ2,000 በላይ ይሆናል። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 በፊት 1,288 ስለነበር በየቦታው የሚያገኟቸው የድሮ ናሙና ደብዳቤዎች አሁንም ያንን ይጠቅሳሉ። አይገልብጡት፤ በገዛ እጅዎ ጣሪያዎን ዝቅ ማድረግ ነው።

ጣሪያ ማለት ክፍያ ማለት አይደለም። «ሕጉ 1,519 ይለኛል፣ ክፈሉኝ» ብሎ በአንድ መስመር የሚጻፍ ጥያቄ የተለመደ ስሕተት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2020 በሰጠው ውሳኔ መጠኑ የመጨረሻው ወሰን እንጂ ለጠፋ ሻንጣ ሁሉ የሚሰጥ ቁርጥ ገንዘብ አለመሆኑን፣ ጉዳቱን የሚያስረዳውም ተጓዡ መሆኑን ተናግሯል። ጣሪያው በሻንጣ ሳይሆን በሰው ነው፤ ሁለት ሻንጣ ቢጠፋብዎ እጥፍ አይሆንም። በመዘግየቱ ጊዜ ያወጡት 40 ዩሮም በዚሁ ጣሪያ ውስጥ ይገባል። ከጣሪያው የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ የሚልክ ሰው ሲያስገባ ዋጋውን አሳውቆ ተጨማሪ ክፍያ መክፈል ነበረበት፤ ከጠፋ በኋላ ያ በር ተዘግቷል። ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብና ላፕቶፕ በአየር መንገዶች ውል በሻንጣ እንዳይገቡ የሚከለከሉ ስለሆኑ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገቡ ሌላውንም ክርክር ውስጥ ይከቱታል።

አሁን ዋጋ አወጣጡ። የሚከፈለው የዕቃው የጠፋበት ቀን ዋጋ እንጂ የአዲሱ አይደለም። የተጓዧ ዝርዝር እንዲህ ወጣ፦ በ2023 በ90 ዩሮ የተገዛ ሻንጣ 55፤ በ2024 በ140 የተገዛ ካፖርት 100፤ በ160 የተገዙ ሁለት ጥንድ ጫማዎች 120፤ ፍራንክፈርት በዚያ ሳምንት የተገዙ፣ ደረሰኝ ያላቸው የሕፃን ልብሶችና ስጦታዎች በሙሉ ዋጋቸው 310፤ አንድ የሐበሻ ቀሚስ 95። ድምሩ 680 ዩሮ። ከመዘግየቱ ወጪ ጋር 720። ቅናሹን ራሷ ቀድማ ማድረጓ ሞኝነት ይመስላል፣ ግን አይደለም። አዲስ ዋጋ የጻፈ ሰው መርማሪው በራሱ ስሌት ይቆርጥበታል፤ ቅናሹን ራሱ ያሳየ ሰው ግን ስሌቱ እንዳለ ሊፀድቅለት ይችላል።

ቀሚሱ ደረሰኝ የለውም፤ ከሸማኔ ተገዝቶ ማን ደረሰኝ ይቆርጣል? እዚህ የሚያወጣው ለመሥሪያ ቤት ግዢ የለመድነው ፕሮፎርማ ነው። ባሕር ዳር ከሚገኙ ሦስት የባህል ልብስ ሱቆች ተመሳሳይ ጥበብና ተመሳሳይ ርዝመት ላለው ቀሚስ ማኅተም ያለው የዋጋ ማቅረቢያ ይውሰዱ። ዝቅተኛውን ይያዙ፣ ለብሰውት ከነበረም ይቀንሱለት። ከዚያ ቀሚሱን ለብሰው የተነሡትን ፎቶ አያይዙ። ፕሮፎርማው ዋጋውን ብቻ ነው የሚያስረዳው፣ የእርስዎ መሆኑን አያስረዳም፤ ለዚያ ፎቶው ያስፈልጋል።

ከአገር ውስጥ ደረሰኝ ጋር የሚመጣ ሌላ መዘዝ ቀኑ ነው። መድኃኒቱ የተገዛው ጃንዋሪ 12 ቀን 2026 ነው፤ በእጅ የተጻፈው ደረሰኝ ላይ ያለው ግን 04/05/2018 ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሆኖ የሚያነበው ሰው ሜይ 4 ቀን 2018 ብሎ አንብቦ «ከጉዞው ስምንት ዓመት በፊት የተገዛ» ብሎ ይጥለዋል። በደረሰኙ ቅጂ ጠርዝ ላይ የፈረንጁን ቀን ወሩን በፊደል ጽፈው ያስቀምጡ፣ ዋናውን አይንኩት። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከረፋዱ 5:20 የሚለው በእነሱ 11:20 ነው። ከማሽን የወጣ ደረሰኝ ደግሞ ወረቀቱ ስለሚደበዝዝ በገዙበት ቀን ፎቶ ያንሱት።

ሦስተኛው መንገድ፦ ያቀረቡትን ተቀብሎ መፈረም

ቅናሽ ክፍያ ብዙ ጊዜ በሁለት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው በኪሎ የሚሰላ ነው፤ በኪሎ 20 ዶላር የሚለው አሠራር ከ1929ኙ የዋርሶ ስምምነት የወረደ ነው። ለ21 ኪሎ ሻንጣ 420 ዶላር ይሆናል። የሞንትሪያል ስምምነት በሚገዛው ጉዞ ላይ የኪሎ ስሌት ለተመዘገበ ሻንጣ ቦታ የለውም፤ ከስምምነቱ ያነሰ ጣሪያ የሚያስቀምጥ የውል ቃልም ዋጋ የለውም። «ቲኬትዎ ጀርባ ላይ ተጽፏል» ከተባሉ መልሱ ይኸው ነው። በተለየ ቲኬት የተደረገ የአገር ውስጥ በረራ ላይ ግን ይህን መልስ መስጠት አይችሉም።

ሁለተኛው ቫውቸር ነው። የ600 ዶላር ቫውቸር ከ420 ጥሬ ገንዘብ የበለጠ ይመስላል። አራት ነገር ሳይጠይቁ አይወስኑ፦ መቼ ያበቃል፣ ለቤተሰብ ይተላለፋል ወይ፣ ታክሱን ይሸፍናል ወይ፣ የተረፈው ይመለሳል ወይ። በዓመት አንድ ሁለቴ አዲስ አበባ ደርሶ ለሚመለስ የባሕር ዳር ሰው፣ ለማይተላለፍና በአንድ ዓመት ለሚያበቃ ቫውቸር 600 የሚለው ቁጥር ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። በየዓመቱ ከውጭ ለሚመላለስ ሰው ግን ጥሬ ገንዘብ ማለት ነው።

በሁለቱም መልክ የሚፈረመው ወረቀት ላይ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ቃል ካለ ሁለተኛው መንገድ በዚያ ፊርማ ይዘጋል። ገንዘቡ ካስፈለገዎ «ለጊዜው በከፊል ክፍያነት ተቀብያለሁ፤ ቀሪው ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ነው» ብለው ለመጻፍ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ያኔ ሒሳቡን ይሥሩ።

ሒሳቡ ለእኛ ተጓዥ ግልጽ ነው። መርማሪው ከ720 ዩሮ ላይ አንድ አምስተኛውን ቢቆርጥባት እንኳ 576 ዩሮ ይቀራታል፤ ከ420 ዶላር ይበልጣል። ደረሰኝና ፎቶ ስላላት ሁለተኛው መንገድ ያዋጣታል። ሻንጣው ግን 15 ኪሎ ሆኖ፣ ያረጀ ልብስ ብቻ ይዞ፣ ደረሰኝም ፎቶም የሌለው ቢሆንስ? በኪሎው 300 ዶላር ይመጣል፤ በዝርዝር ቢሄዱ ከእርጅናው ቅናሽ በኋላ ከ180 አይዘልም። እንዲህ ከሆነ ያለ ክርክር በኪሎ የቀረበውን መቀበል ነው። ሕጉ ከእርስዎ ጋር ስለሆነ ብቻ የሚያንሰውን መምረጥ የለብዎትም።

ደብዳቤው

ለባሕር ዳሩ ቢሮ በአማርኛ ገብቶ ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም ይመታበት፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ያው ይዘት በእንግሊዝኛ በኢሜይል ይላክ። ስምዎን ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል ይጻፉ፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድ ቲኬቱ አንድ፣ የባንክ ሒሳቡ ሌላ ሆኖ ክፍያ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

> ለአየር መንገዱ የሻንጣ ካሳ ክፍል
> ቀን፦ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2026 (ጥር 24 ቀን 2018)
> ጉዳዩ፦ የጠፋ ሻንጣ ካሳ ጥያቄ፣ የሪፖርት ቁጥር BJRXX10427
>
> ጃንዋሪ 10 ቀን 2026 ከፍራንክፈርት በአዲስ አበባ በኩል ባሕር ዳር ስገባ በዚህ ደብዳቤ የተያያዘው የታግ ቁጥር ያለው፣ 21 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ሻንጣ አልደረሰኝም። በዚያው ቀን 11:55 ሰዓት (ከረፋዱ 5:55) በአውሮፕላን ማረፊያው ሪፖርት አድርጌያለሁ። ጃንዋሪ 16 የይዘት ቅጽ ሞልቼ መልሻለሁ። ጃንዋሪ 24 በስልክ ስጠይቅ ሻንጣው አለመገኘቱ ተነግሮኛል። እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ ስላልደረሰ በሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 17(3) መሠረት እንደጠፋ ይቆጠራል።
>
> የምጠይቀው፦ የጠፉ ዕቃዎች ዋጋ 680 ዩሮ፣ በመዘግየቱ ምክንያት የወጣ 40 ዩሮ፣ በድምሩ 720 ዩሮ ነው። መጠኑ በአንቀጽ 22(2) ከተወሰነው 1,519 ኤስዲአር በታች ነው። ክፍያው በዩሮ ወይም በከፈላችሁበት ቀን የባንክ ምንዛሪ በብር እንዲሆን እጠይቃለሁ።
>
> ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ፣ ከዝርዝሩ የማትቀበሉት ዕቃ ካለ የትኛው እንደሆነና ምክንያቱን ለይታችሁ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ።
>
> አባሪ፦ የቲኬት፣ የቦርዲንግ ፓስና የታግ ቅጂ፣ ሪፖርቱ፣ የይዘት ቅጹ ቅጂ፣ የዕቃ ዝርዝር ከተገዙበት ዓመትና ከቅናሹ ጋር፣ ደረሰኞች፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ፎቶዎች፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የባንኩ ስዊፍት ኮድ።

ደብዳቤው ውስጥ ንዴት የለም፣ «የሞራል ካሳ አንድ ሚሊዮን» የሚልም የለም። ያለው ቀን፣ ቁጥርና አንድ ድምር ነው። «ተገቢው ካሳ ይከፈለኝ» ብሎ መጠኑን ክፍት መተው ግን የትሕትና ቢመስልም አየር መንገዱ በኪሎ እንዲያሰላልዎ መጋበዝ ነው። «በከፈላችሁበት ቀን ምንዛሪ» የሚለው ሐረግም ያለ ምክንያት አልገባም፤ ፋይሉ አራት አምስት ወር ቢቆይ በጥር ምንዛሪ ወደ ብር የተቀየረ ጥያቄ በሰኔ ሌላ ዋጋ ይኖረዋል። የማትቀበሉትን ለዩ የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ መርማሪው በደፈናው እንዳይቀንስ ያደርጋል፤ ካፖርቱን ካልተቀበለ ስለ ካፖርቱ ብቻ ይከራከራሉ።

በ30 ቀኑ መልስ ካልመጣ ያንኑ ደብዳቤ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥር ጠቅሰው አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ግልባጩን ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርድ ቤት ነው። የት እንደሚከሰስ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የጉዞው መዳረሻ ሲሆን፣ በደርሶ መልስ ቲኬት መዳረሻ የሚባለው ጉዞው የተጀመረበት ቦታ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥታ ለተመለሰችው ተጓዥ ኢትዮጵያ ውስጥ መክሰስ ይቻላታል። ከዋሺንግተን ደርሶ መልስ ገዝቶ የመጣ እንግዳ ግን፣ ሻንጣው የጠፋው ባሕር ዳር ቢሆንም፣ መዳረሻው ዋሺንግተን ነው።

ለክሱ ያለው ጊዜ መድረሻ ላይ ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ደብዳቤ መጻጻፍ ጊዜውን አያቆመውም፤ «እያየነው ነው» የሚል ኢሜይልም አያራዝመውም። የተጓዧ ሁለት ዓመት የሚያበቃው ጃንዋሪ 10 ቀን 2028 ነው። ይህን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥር 2 ቀን 2018 ብሎ ይዞ ጥር 2 ቀን 2020 የሚጠብቅ ሰው አንድ ቀን ያልፈዋል፤ 2019 ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ስለሆነ ያ ቀን የሚውለው ጥር 1 ነው።